ራይት የማይደረግበት ቼክሊስት

የመጨረሻው ፕረዘንቴሽን ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዳችን የአንድ የክፍል ጓደኛ ስላይድ አይተን አስተያየት መስጠት አለብን። ለእኔ የደረሰኝ የሽመና ጥናት ነው። ጓደኛዬ እዚሁ ኮምቦልቻ የአንድ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ገብታ የአየር እርጥበቱ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ድር ምን ያህል እንደሚበጠስ መዝግባለች። ዛሬ ከሰዓት አብረን ቁጭ ብለን ስላይዷን አየን። ያደረግነው ነገር ሳይጠፋኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

የተሰጠን ቼክሊስት አንድ ገጽ ነው። «ጽሑፉ ይነበባል? ርዕሱ ግልጽ ነው? ግራፉ ተገቢ ነው?» እያለ ይወርዳል። ከጎኑ አዎ ወይም አይ የሚል ሳጥን አለ። ጓደኛ ለጓደኛ ሲሞላው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ራይት። ግን ይሉኝታው ቢቀር እንኳ ቅጹ ብዙ አይረዳም። «ግልጽ ነው» የሚለው ራይት ያየው ሰው ምን እንደገባው አይነግርም። ሰው እኮ የተሳሳተውንም ነገር በጣም ግልጽ ሆኖለት ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ቅጹን ለመምህሩ ሞልተን አስቀመጥንና ለራሳችን ሌላ አዘጋጀን። ደንቡ አንድ ነው፤ በአዎ ወይም በአይ የሚመለስ ጥያቄ አይገባም። መልሱ በጽሑፍ ወይም በጣት የሚታይ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ስላይዶቹን አንዴ ብቻ እይ፣ ፋይሉን ዝጋ፣ ከዚያ አቅራቢዋ ምን እንድትቀበል እንደምትፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። እሷም ለብቻዋ፣ እኔን ሳታሳየኝ፣ ማለት የፈለገችውን ትጽፋለች። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን እናደርጋለን።

የእኔ እንዲህ ይላል፦ «እርጥበቱ ሲስተካከል ማሽኖቹ በጣም ፈጠኑ።» የእሷ ደግሞ፦ «እርጥበቱ ሲስተካከል ድር መበጠሱ ቀነሰ፣ ማሽን ቆሞ የሚባክነው ጊዜም አነሰ።»

ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው። የማሽኑ ፍጥነት ጨርሶ አልተነካም። የተለወጠው የመቆሚያው ጊዜ ነው። አንድ የድር ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛዋ መጥታ ክሩን ፈልጋ ትቀጥላለች፣ ከዚያ እንደገና ይነሳል። መበጠስ ሲያንስ መቆምም ያንሳል። ታዲያ «ፈጠኑ» የሚለውን እኔ ከየት አመጣሁት? ወደ ኋላ እየተመለስን ስንፈልግ ስላይድ 7 ላይ አገኘነው።

ስላይዱ ላይ ሁለት ዓምድ ያለው ግራፍ አለ። «በፊት» የሚለው 66 በመቶ፣ «በኋላ» የሚለው 72 በመቶ ነው። ከላይ «የማሽን ቅልጥፍና» ይላል። ቅልጥፍና ማለት እዚህ ምን እንደሆነ የትም አልተጻፈም፤ እኔ ፍጥነት ነው ብዬ ወሰድኩት። እሷ ማለት የፈለገችው ከፈረቃው ጊዜ ውስጥ ማሽኑ እየሠራ ያሳለፈው ስንት እጅ ነው የሚለውን ነው። ይህ በአንድ መስመር ይስተካከላል።

«በጣም» የሚለው ቃሌ ግን የመጣው ከዓምዶቹ ቁመት ነው። የግራፉ የቁመት መስመር ከ60 ይጀምራል። ከ60 እስከ 66 ስድስት ነው፣ ከ60 እስከ 72 ደግሞ አሥራ ሁለት። ስለዚህ ሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያውን እጥፍ ሆኖ ቆሟል። ቁጥሩ ከላዩ ተጽፎ እያለ ዓይኔ ያነበበው ቁመቱን ነው። የዓምድ ግራፍ መልእክቱ ርዝመቱ ነውና፣ ከዜሮ ካልጀመረ ርዝመቱ ይዋሻል።

እሷ ሆን ብላ አላደረገችውም። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ፓወርፖይንት ራሱ መነሻውን ከዜሮ በላይ ያደርገዋል። መስመሩን ተጭኖ Format Axis ውስጥ ገብቶ Minimum የሚለውን 0 ማድረግ ነው። አደረገችው፤ ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«ከዜሮ ከጀመረማ ልዩነቱ የት አለ? አይታይም እኮ!» አለች።

«አብሽሪ፣ ስድስቱ በመቶ በሰዓት ሲቆጠር ስንት ነው?» አልኳት።

አሰላነው። የ8 ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው። የዚያ 6 በመቶ 29 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በአንድ ማሽን በአንድ ፈረቃ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው! ይህ ከተጋነነው ዓምድ ይልቅ ሰሚ ዘንድ ሚዛን ይደፋል፣ የሚያከራክርም አይደለም። አሁን ግራፉ ከዜሮ ይጀምራል፣ ከሥሩ «በፈረቃ 29 ደቂቃ ያህል ያነሰ መቆም» የሚል ተጽፏል። ዋናውን ቦታ ግን የድር መበጠስ ቁጥሩ እንዲይዘው አደረገች፤ ጥናቷ ስለ እሱ ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ርዕሶቹን ብቻ በተርታ አንብብ፣ ታሪኩ የቱ ጋ ተቆረጠብህ? ለዚህ Outline View ጥሩ ነው፤ ሥዕሉንና ግራፉን ትቶ ጽሑፉን ብቻ ያሳያል። እሱን ስንከፍት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስላይዶች ባዶ መጡ። ርዕሱን በተዘጋጀለት ቦታ ሳይሆን በተጨማሪ የጽሑፍ ሳጥን ስትጽፈው እዚያ አይወጣም። የታዩትም «መግቢያ»፣ «ዘዴ»፣ «ውጤት»፣ «ውጤት (የቀጠለ)» የሚሉ ናቸው። እነዚህን አንብቤ የየትኛውም ተማሪ ስላይድ ሊሆኑ ይችላሉ ብዬ ጻፍኩ። እሷም ርዕሶቹን ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቀየረቻቸው።

ዓረፍተ ነገር ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ብቅ አለ። የስላይድ 8 አዲስ ርዕስ «እርጥበት መጨመሩ የድር መበጠስን ቀነሰው» ሆነ። ሦስተኛው ጥያቄያችን ለዚህ የተዘጋጀ ነው፦ ለዚህ ርዕስ ማስረጃው እዚሁ ስላይድ ላይ የቱ ነው? በጣትሽ አሳዪኝ። እሷ የበፊቱንና የኋላውን ቁጥር አሳየችኝ። ቁጥሮቹ መቀነሱን ያሳያሉ። የቀነሰው በእርጥበቱ ምክንያት መሆኑን ግን አያሳዩም።

«በዚያው ሳምንት ሌላ የተቀየረ ነገር ነበረ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ትንሽ አሰበች። ማስታወሻ ደብተሯን ገልጣ ፈለገች። ነበረ። ከእርጥበቱ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ የድሩ ክር ከሌላ ሎት መጥቷል። አዲሱ ክር ራሱ ጠንካራ ከሆነስ?

እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየን፣ መቆየትም ነበረብን። ምክንያቱ ራሱ ደካማ አይደለም። ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ጥንካሬው ይጨምራል፣ ደረቅ አየር ላይ ደግሞ በቀላሉ ይበጠሳል። የጥጥ ሽመና ክፍሎች እርጥበታቸው ከፍ ተደርጎ የሚያዘው በዚህ ነው። ስለዚህ የእሷ ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል። የሁለት ሳምንት መዝገብ ብቻውን ግን ክሩንና እርጥበቱን ለይቶ አያሳይም። ርዕሱ ማስረጃው የሚችለውን ብቻ እንዲሸከም ሆነ፦ «እርጥበቱ በተስተካከለበት ሳምንት የድር መበጠስ ቀንሷል»። ከሥሩ የክሩ ሎት መቀየሩን ራሷ ጻፈች። ይህን ኤግዛሚነር ጠይቋት ከምትናገረው እሷ ቀድማ ብታስቀምጠው እጅግ ይሻላል።

አራተኛው ጥያቄ ስለ አዳራሹ ነው፦ ከኋላ ወንበር ሆነህ የማይታይህ ምንድን ነው? በዚህ ላይ ብዙ አልቆየንም። ፕረዘንቴሽኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የኮምቦልቻ ፀሐይ በዚያ ሰዓት በመስኮቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ ይውላል፣ መጋረጃም የለም። ፕሮጀክተሩን ከፍተን ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የማላየውን ነገር ጻፍኩ። ቢጫዋ የግራፍ መስመር ጨርሳ የለችም፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተቀየረች። ሌላው ፊደሉ ነው። በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ እሷ የተጠቀመችበት የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ሌላ ፎንት ተተክቶ መስመሩ ከሳጥኑ ወጥቷል። File፣ Options፣ Save ውስጥ ገብታ Embed fonts in the file የሚለውን መረጠች። ለማንኛውም ብላ በፒዲኤፍም አስቀመጠችው። ይህ ጥያቄ በላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ አይመለስም፤ ክፍሉ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

አስተያየቱን አንድ ላይ ስጽፍላት ሦስት ነገር ብቻ ለየሁ፦ ስላይድ 7፣ ስላይድ 8 እና ርዕሶቹ። የፊደል ግድፈቶቹን እዚያው ፋይሉ ላይ አቀለምኳቸው፣ አልተነጋገርንባቸውም። ሃያ አስተያየት የተቀበለ ሰው የሚቀለውን ያስተካክላል፣ ከባዱ ለሐሙስ ጠዋት ይቀራል። እያንዳንዱንም የጻፍኩት የስላይዱን ቁጥር፣ ያየሁትን፣ የገባኝን በማስቀደም ነው። «ግራፉን ቀይሪው» ብላት ልትከራከረኝ ትችላለች። «ስላይድ 7 ላይ እጥፍ ሆኖ አየሁት፣ ማሽኑ ፈጠነ ብዬ ተረዳሁ» ስላት ግን የሚያከራክር ነገር የለውም፤ የገባኝ ያ ነውና። እንዴት እንደሚስተካከል የምትወስነው እሷ ናት።

በቃል ካልኳት ውስጥ ግን አንዱን አልተቀበለችኝም። ስላይድ 3 ላይ ያለው የሽመና ማሽን ፎቶ ቦታ ይይዛል፣ ይውጣ ብዬ ነበር። ከኤግዛሚነሮቹ አንዱ ከሌላ ዲፓርትመንት ስለሆነ ድርና ማግን በዓይኑ ማየት አለበት አለችኝ። ልክ ናት። ፎቶው ቀረ፣ ድሩ ላይ ቀስት ተጨመረበት።

ሰኞ የእኔን ስላይድ ታያለች። ፋይሉን ዛሬ ማታ እልክላታለሁ፣ ስለ ምን እንደሆነ ግን አስቀድሜ አልነግራትም። ከነገርኳት እኔ ያልኩትን ይዛ ነው የምታነበው፣ የመጀመሪያው ጥያቄም ዋጋ ያጣል።