ታኅሣሥ 22 የተወለደችው ልጅ ስንት ዓመቷ ነው? የኛንና የፈረንጆቹን ቀን በኤክሴል ያስታረቅሁበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ ሕፃናትን በትምህርትና በሕክምና በሚደግፍ አንድ ፕሮጀክት የመዝገብ ሥራው የኔ ነው። ልጆቹ ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአራዳ ይመጣሉ። የልደት ቀናቸውን የምናገኘው ከክትባት ካርድ፣ ከክርስትና ካርድ ወይም ከእናት አፍ ነው። «የታኅሣሥ ገብርኤል ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ» ያለች እናት ታኅሣሥ 22 ማለቷ ነው፤ «በጥር ሥላሴ» ካለች ደግሞ ጥር 7 ነው። ሁሉም በኛ አቆጣጠር ነው። ሪፖርቱ ግን ለውጭ ለጋሾች የሚሄደው በእ.ኤ.አ. ነው፤ የልደት ቀን፣ ዕድሜ እና ልጁ በድጋፍ ላይ የቆየበት ጊዜ ይጠየቃል።

ሥራውን ስረከብ የልደት ቀኑ በአንድ ዓምድ ውስጥ በ«ቀን/ወር/ዓመት» ተጽፎ አገኘሁት። መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው አሰላለፉ ነበር። ከፊሉ ቀን በሴሉ ግራ ጥግ፣ ከፊሉ በቀኝ ጥግ ተቀምጧል። ኤክሴል ቁጥርንና ቀንን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያሰልፋል። የኛ ኮምፒውተሮች ቀኑን በአሜሪካኖቹ ደንብ፣ ወርን አስቀድመው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ 22/4/2008 ሲጻፍ ሃያ ሁለተኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። 7/5/2008 ሲጻፍ ግን ጥር 7 ቀን 2008 መሆኑን ከየት ያውቃል? እንደ ጁላይ 5 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ወስዶ ወደ ቀኝ ያሰልፈዋል። ጳጉሜን 5ን እንኳ፣ 5/13/2010 ተብላ ስትጻፍ፣ ሜይ 13 አድርጎ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይቀበላታል። ጉዳቱ ዕድሜ ሲሰላ ይወጣል። በጥር 2008 የተወለደው የአሥር ዓመት ልጅ በሪፖርቱ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖ ይገኛል። በመዝገባችሁ ውስጥ አንዳንድ ልጆች ብቻ ከእኩዮቻቸው በሰባት በስምንት ዓመት ከበለጡ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

መፍትሔው የኛን ቀን በአንድ ሴል አለመጻፍ ነው። ለቀን፣ ለወር እና ለዓመት ሦስት ዓምድ ከፈትሁ፤ A ቀን፣ B ወር በቁጥር (መስከረም 1፣ ጳጉሜን 13)፣ C ዓመት። በግራ የተሰለፉትን አሮጌ ቀኖች Text to Columns በሚለው መሣሪያ በእዝባሩ ላይ ከፈልኋቸው። በቀኝ የተሰለፉት ግን ኤክሴል ቀንና ወሩን አገላብጦ ስላነበባቸው፣ MONTH የሚሰጠው ቁጥር ትክክለኛው ቀን፣ DAY የሚሰጠው ደግሞ ትክክለኛው ወር ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ከካርዱ ጋር አመሳከርሁ። ይህን ማሳጠር አይገባም።

አዲስ ስሕተት እንዳይገባ በቀን ዓምዱ ላይ በ Data Validation ይህን ሰጠሁት፤ ፍተሻው እንዲሠራ ቀኑ ከወሩና ከዓመቱ በኋላ መጻፍ አለበት፤

```
=A2<=IF(B2<13,30,IF(MOD(C2,4)=3,6,5))
```

ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው ያኔ ብቻ ነው። 2011 እና 2015 እንዲህ ነበሩ።

አሁን ወደ መለወጡ እንምጣ። ብዙ ሰው «ሰባት ወይም ስምንት ጨምር» በሚል በወር የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ይሠራል። ሠንጠረዡ ዘመነ ዮሐንስ ሲመጣ ይዛነፋል፤ የሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለሆነች ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። ጥምቀትን አስታውሱ። በ2017 ፋሲለደስ መዋኛ ዘንድ የተሰበሰብነው ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው፤ በ2016፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። ጥር 11 ጥር 11 ነው፤ የተንቀሳቀሰው የፈረንጆቹ ቁጥር ነው።

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው ከ1900 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሚቆጠር ተራ ቁጥር ነው። የኛም አቆጣጠር ለቁጥር የተመቸ ነው፤ ዓመቱ 365 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ተጨማሪ፣ ወሩ 30። ስለዚህ የኛን ቀን ወደ ተራ ቁጥር ለውጦ በሁለቱ መነሻዎች መካከል ያለውን ልዩነት መቀነስ ይበቃል። በ D2፤

```
=365*C2+INT(C2/4)+30*B2+A2-691194
```

ውጤቱ አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ሆኖ ከታየ ሴሉን Date በሚል ፎርማት አድርጉት። ለፈተና መስከረም 1 ቀን 2000ን አስገቡ፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መምጣት አለበት፤ ሁለቱን ጥምቀቶችም ሞክሩ። ለመስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 13 ቀን 2011 ከመጣ ፎርሙላው አልተሳሳተም፤ ፋይሉ በድሮዎቹ የማክ ኮምፒውተሮች ልማድ ከ1904 እንዲቆጥር ተደርጎ ነው። በኤክሴል Options ውስጥ «1904 date system» የሚለውን ምልክት ማንሣት ይቻላል፤ ግን በፋይሉ ውስጥ ቀድሞ የገቡት የፈረንጅ ቀኖች ሁሉ ስለሚንቀሳቀሱ፣ አዲስ ፋይል ላይ መጀመር ይሻላል። ፎርሙላው የሚሠራው ከየካቲት 22 ቀን 1892፣ ማለትም ከማርች 1 ቀን 1900 ወዲህ ነው፤ ለሕያዋን ሰዎች መዝገብ ይህ ይበቃል።

ተገላቢጦሹም ያስፈልጋል፤ ሪፖርቱ የሚዘጋበት ቀን የሚሰጠን በፈረንጆቹ ነውና። ቀኑን G1 ላይ ጽፌ፣ ዓመቱን በ H1፣ ወሩን በ I1፣ ቀኑን በ J1 እንዲህ አወጣዋለሁ፤

```
=INT((4*INT(G1)+2764655)/1461)
=INT((INT(G1)+691163-365*H1-INT(H1/4))/30)+1
=MOD(INT(G1)+691163-365*H1-INT(H1/4),30)+1
```

1461 የአራት ዓመት ቀናት ድምር ነው። INT(G1) ያልሁት ከሌላ ሥርዓት የሚወጣ ቀን አንዳንዴ ሰዓት ተሸክሞ ስለሚመጣ ነው።

በጣም ያሰብሁበት ዕድሜው ነው። በታኅሣሥ 22 ቀን 2008 የተወለደች አንዲት ልጅ አለችን። የልደቷ ቀን ሲለወጥ ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ይሆናል፤ 2008 ዘመነ ዮሐንስ ነበርና። ሪፖርቱ የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ነው። ይህ ቀን በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ነው፤ በዚያች ዕለት ልጅቱ አሥር ዓመት ሞላት። የተለወጠውን ቀን ይዘን DATEDIF ብንጠይቅ ግን ዘጠኝ ይለናል፤ ለሱ ልደቷ ነገ ነው። ሁለቱም ስሌት በየራሱ አቆጣጠር ትክክል ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2009 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ቀን 2016 ይሆናል፤ ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ላይ DATEDIF ሰባት ሲለው በኛ ገና ታኅሣሥ 21 ስለሆነ ስድስት ነው።

አንድ ቀን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ድጋፉ የሚቋረጥበት ዕድሜ፣ የክፍያ መደቡ የሚቀየርበት ዕድሜ በዚያች ቀን ላይ ሊወድቅ ይችላል። እኔ የያዝሁት አቋም፣ ዕድሜ የሚቆጠረው ሰነዱ በተጻፈበት አቆጣጠር ነው የሚል ነው። የእናቲቱና የቀበሌው ስምምነት ታኅሣሥ 22 ላይ ነው፤ ጃንዋሪ 1 እኛ ለውጠን ያመጣነው ነው። ስለዚህ ዕድሜውን እንዲህ አሰላዋለሁ፤

```
=$H$1-C2-(100*$I$1+$J$1<100*B2+A2)
```

ዓመትን ከዓመት ቀንሶ፣ የልደቱ ወርና ቀን ገና ካልደረሰ አንድ ያጎድላል። ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ጳጉሜን 5 በሆነችበት ዓመት መስከረም 1 ላይ ይሞላዋል፤ ይህም ትክክል ነው። ለጋሾቹ ግን የልደት ቀኑን በራሳቸው ፕሮግራም አስገብተው ዕድሜን እንደገና ስለሚያሰሉ፣ በዓምዱ ራስ ላይ «ዕድሜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብዬ ጽፌ ልዩነቱን አስቀድሜ አስረዳኋቸው። ከዚያ ወዲህ «ቁጥራችሁ አልገጠመም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የምንመለከተው በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ የካቲት የተወለዱትን ነው፤ ቀጥሎም የሪፖርቱ ቀን ራሱ በዚያ ወቅት ከወደቀ ሌሎቹን።

የቆይታ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ቀን ብቻ ከተፈለገ ሁለቱንም ቀን በ D ፎርሙላ ለውጦ መቀነስ ነው፤ በየትኛውም አቆጣጠር የቀናቱ ብዛት አንድ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ስድሳ ስድስት ቀን ይወጣል። ወርን በ30 ያባዛ ሰው ስድሳ ብቻ ያገኛል፤ ስድስቱን ጳጉሜን ውጣቸዋለች። በወር ሲጠየቅ ግን ጳጉሜን እንደ አሥራ ሦስተኛ ወር አልቆጥራትም። ለሷ ብቻ የሚከፈል ወርኃዊ ክፍያ ስለሌለን ከነሐሴ ጋር አጣብቄ፣ ጳጉሜን 3ን ነሐሴ 33 እንደማለት እወስዳታለሁ። መነሻው በ A2፣ B2፣ C2፣ መድረሻው በ J1፣ I1፣ H1 ሆኖ የሞሉት ወራት፤

```
=12*($H$1-C2)+MIN($I$1,12)-MIN(B2,12)
 -($J$1+30*($I$1=13)<A2+30*(B2=13))
```

ጥቅምት 15 ቀን 2015 ድጋፍ የጀመረ ልጅ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ላይ አሥር ወር ሞልቶታል። ክትባት ለሚከታተሉ የጤና ባለሙያዎች የሕፃናቱን ዕድሜ በወር የምንሰጠውም በዚሁ ነው። ክትባቱ በሳምንት የሚቆጠር ከሆነ ግን ወሩን ትቼ የቀኑን ልዩነት ለሰባት አካፍላለሁ።