እርሾው ይዞት የሚገባው ውሃ

ለዳቦ አጋገር ሳይንስ ሰርተፊኬት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ዛሬ ከልምምድ ጥያቄዎቹ አንዱ ላይ ብዙ ቆየሁ። 500 ግራም ዱቄት፣ 325 ግራም ውሃ እና 200 ግራም እርሾ ይሰጥና የሊጡ ሃይድሬሽን፣ ማለትም ውሃው ከዱቄቱ ክብደት አንጻር፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠየቃል። እርሾው በእኩል ክብደት ዱቄትና ውሃ የተበጠበጠ ነው።

325ን ለ500 አካፍሎ 65 በመቶ ማለት ይቀናል። ከምርጫዎቹ መካከልም 65 አለ። ግን እርሾው ራሱ 100 ግራም ዱቄትና 100 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚገባው። እሱ ሲደመር ዱቄቱ 600፣ ውሃው 425 ይሆናል፤ ትክክለኛው መልስ 71 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት 100 በመቶ የሚባለው ጠቅላላው ዱቄት ስለሆነ፣ ጨው 2 በመቶ ከተባለ የሚመዘነው 12 ግራም ነው፤ 10 አይደለም። የምር 65 በመቶ ከተፈለገ ደግሞ ጠቅላላው ውሃ 390 ግራም ይሆናል። መቶው እርሾው ውስጥ ስላለ የሚጨመረው 290 ብቻ ነው።

ጥያቄውን የወደድኩት ቀጣዩ በእሱ ላይ ስለሚቆም ነው። ይኸው ሊጥ እንደተለወሰ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ቆንጥረው ሲወጥሩትም ይቀደዳል። ምን ይደረግ? ሊጡ 65 በመቶ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ዱቄት ይጨምራል። 71 መሆኑን የሚያውቅ ግን መጣበቁ አያስደነግጠውም። ሊጡን አያይዞ የሚይዘው ግሉተን የሚፈጠረው በዱቄቱ ውስጥ ያሉት ግሉተኒንና ግሊያዲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ውሃ ጠጥተው ሲያያዙ ነው፤ ግሉተኒን ሊጡን ያጠነክረዋል፣ ግሊያዲን እንዲሳብ ያደርገዋል። ለዚህ ጊዜ ይፈልጋሉ። ሊጡን ሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሳረፍ፣ ከዚያ ከየጎኑ እየሳቡ ደጋግሞ ማጠፍ ነው መፍትሔው። በደንብ ከተያያዘ፣ ሲወጠር ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይሆናል እንጂ አይቀደድም። ይህን ለውጥ በጣቶቼ መካከል ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ስለ መጨረሻው ኩፍ ማለት የሚመጡት ጥያቄዎች በጣት መጫንን ያነሳሉ። የተጫነው ቦታ ወዲያው ተመልሶ ከሞላ ጊዜው አልደረሰም፤ ቀስ ብሎ ተመልሶ ትንሽ ጎድጎድ ካለ ለምድጃ ደርሷል፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል። እኔ ግን ይህን ብቻውን አላምነውም። ከማቀዝቀዣ የወጣ ሊጥ ስለሚጠነክር፣ ቀዝቅዞ የሚሰጠው ምላሽ ያሳስታል። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ የሊጡን ሙቀት አስቀድሜ እፈልጋለሁ፤ ቀጥሎ ምን ያህል እንዳበጠ፣ ጣቱን መጨረሻ ላይ። ያለፈበት ሊጥ ምድጃ ውስጥ ከመነሳት ይልቅ ጠፍጠፍ ይላል፤ ያልደረሰው ደግሞ ጎኑ ላይ ይተረተራል። የተጋገረ ዳቦ ፎቶ አሳይተው ምክንያቱን ሲጠይቁ የምፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው።