ዱብ

እሁድ ነው። መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም። ሰማዩ ይዝነብ አይዝነብ ሳይወስን ኮዬ ፈጬ ላይ ተጋድሟል። እኔም እንደሱ ነኝ። ምን ሆንክ ብትሉኝ ምንም። የሚያውቀኝ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣብኛል፣ ከዚያ ራሱ ይሄዳል።

የላይኛው ቤት ልጅ ግን ደህና ነው። ሶፋ ላይ ይወጣል፣ ይዘላል። ዱብ። እንደገና ይወጣል። ዱብ። የኮንዶሚኒየም ጣራ ሚስጥር አይደብቅም። ወጥቼ እናቱን ላናግራት ነጠላ ጫማዬን አጠለቅኩ። በሩ ጋ ስደርስ ድምፁ ተቀየረ። ዱብ ሲል የቆየው አሁን "ጠ-ዱብ" አለ። ቆምኩ። አንገቴን አቅንቼ ጣራውን ማዳመጥ ጀመርኩ። የስፖርት መምህርነት እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

ዱብ ሲል ልጁ በሙሉ ውስጥ እግሩ ወይም በተረከዙ ወለሉን መታው ማለት ነው። ጠ-ዱብ ሲል ግን መጀመሪያ የነካው ከጣቶቹ ሥር ያለው የእግሩ ፊት ነው። ተረከዙ ቀጥሎ ወረደ። ኃይል የሚለካ ወለል ላይ ቢዘል ኖሮ ሥዕሉ ሁለት ጉብታ ያሳይ ነበር፤ የመጀመሪያው የእግር ፊት ሲነካ፣ ሁለተኛው ተረከዝ ሲያርፍ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የሰከንድ መቶኛዎች ጉዳይ ነው። በዚያች ቅጽበት ቁርጭምጭሚት ሥራውን ጀምሯል። በተረከዝ የሚያርፍ ሰው ይህንን ድርሻ ዘሎት ያልፋል። ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍበት ቦታ ሳያገኝ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ምን ላድርግ፣ ስልኬም ቻርጅ የለውም። የኔ ወንበር ቁመቱ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ብወርድ መሬት ስደርስ ፍጥነቴ በሰከንድ 3 ሜትር ይሆናል። ይህ ለወፍራምም ለቀጭንም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በምን ያህል ርቀት ውስጥ እቆማለሁ ከሚለው ነው። እግሬን ገትሬ ብወርድና ከነካሁ በኋላ ሰውነቴ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ቢቆም፣ መሬቱ በአማካይ የክብደቴን 5 እጥፍ ተኩል ይገፋኛል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ ታጥፈው 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብል ደግሞ 2 እጥፍ ተኩል ብቻ። እኔ 70 ኪሎ ነኝ። ስለዚህ በመጀመሪያው አራት ኩንታል ገደማ ተጫነብኝ ማለት ነው። በሁለተኛው ሁለት ኩንታል እንኳ አይሞላም። ያው ወንበር፣ ያው ሰው። ይህ አማካዩ ነው፤ ጫፉ ከዚህ ይበልጣል።

ሰዎች መገጣጠሚያዎች "በቅደም ተከተል" ይታጠፋሉ ሲባሉ ቁርጭምጭሚት ሥራውን ጨርሶ ለጉልበት፣ ጉልበት ጨርሶ ለዳሌ የሚያስረክብ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ሦስቱም አብረው ሊባል በሚችል ሁኔታ ይታጠፋሉ። ግን የቁርጭምጭሚት መንገድ አጭር ነው። ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተው ይነካሉ፣ ተረከዝ ይወርዳል፣ ቅልጥሙ ወደ ፊት ትንሽ ያጋድላል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለም። ጉልበት ገና እየታጠፈ ነው። ዳሌ ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ ሲሠራ ይቆያል።

ጡንቻዎቹ እዚህ ላይ የሚሠሩት ሥራ አስቂኝ ነው። እየጎተቱ ይረዝማሉ። ባልዲ በገመድ ወደ ጉድጓድ ስታወርዱ እንደምታደርጉት ነው፤ እጃችሁ ወደ ላይ ይይዛል፣ ባልዲው ግን ይወርዳል። ባት ተረከዙን እንዲህ ያወርደዋል። የጭን ፊት ጉልበትን ይይዛል። መቀመጫና የጭን ኋላ ደረትና ዳሌን ይይዛሉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የሚያሳምመን፣ ደረጃ ስንወርድ "ወይኔ" የሚያሰኘንም በዋነኛነት እንዲህ ያለው ሥራ ነው። መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ።

ገትሮ የሚያርፍ ሰው ላይ ከሦስቱ መካከል የቁርጭምጭሚት ድርሻ ይበዛል። ዝቅ ብሎ የሚያርፍ ሰው ሸክሙን ወደ ጉልበትና ዳሌ ያካፍላል። እዚያ ነው ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት። ደረቱን ቀጥ አድርጎ የሚያርፍ ግን ዳሌውን ሥራ ያስፈታዋል። ያኔ የጭን ፊት ብቻውን ይቀራል። ደረትን ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል ብቻ ዳሌን ወደ ሥራ ይጠራዋል። ልጆች ቀጥ ብለው እንዲያርፉ ለምን እንደምንጮህባቸው አይገባኝም። ሰልፍ አይደለም።

ከቮሊቦል ልጆቼ አንዷ፣ ያቺ ረጅሟ፣ መትታ ስትወርድ ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ነው። ጉልበቷም ወደ ውስጥ ይገባል። ከፊት ለፊቷ ስቆም ይታያል፤ ጉልበቷ ከአውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ያልፋል። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። በጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ኤሲኤል የሚሉት፣ እግር መሬት ከነካ በ40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው። ጉልበት ብዙም ሳይታጠፍ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ። ሌላ ሰው ሳይነካት፣ ማንም ሳይገፋት።

"ቲቸር፣ ሲገባ ሲሰማኝ ወደ ውጭ እመልሰዋለሁ" አለችኝ።

አይሆንም። ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የሰውነት ፈጣኑ ምላሽ እንኳ ጡንቻው ሲለጠጥ ተሰምቶት፣ ወደ አከርካሪ ደርሶ እስኪመለስ በአስር የሚቆጠሩ ሚሊ ሰከንዶች ይፈልጋል። ከዚያ ጡንቻው ኃይል እስኪያወጣ ሌላ ጊዜ አለ። ስሜቱ ሲደርስ ጉዳዩ አልቋል። ስለዚህ ሰውነት አይጠብቅም። ገና በአየር ላይ እያለን ባታችን መሥራት ይጀምራል። እግር መሬቱን ከመንካቱ በፊት። ጉልበትም ትንሽ ታጥፎ ይጠብቃል። የማረፊያው ጥራት መሬት ላይ አይወሰንም ማለት ነው። ከላይ ሆነን ወስነነዋል።

ይህን ለማመን ጥሩ ማስረጃ ከፈለጋችሁ የኛን ደረጃ መብራት በሌለበት ማታ ውረዱ። ደረጃው አለቀ ብላችሁ እግራችሁን ስትዘረጉ አንድ ይቀራል። አንዷ ደረጃ ከ17 ሳንቲ ሜትር አትበልጥም። ከወንበሩ ግማሽ እንኳ አትሞላም። ግን ጥርሳችሁ ድረስ ይሰማችኋል። ቁመቱ አይደለም የመታችሁ። ባታችሁ ገና አልተዘጋጀም፣ ጉልበታችሁ ቀጥ ብሏል፣ መሬቱ ደግሞ ካሰባችሁት ዝቅ ብሎ ዘግይቶ መጣ። 17 ሳንቲ ሜትር ያልታሰበ ከ45 ሳንቲ ሜትር የታሰበ ይብሳል።

ደግሞ የሚገርመው ዐይን ብቻ አይደለም ሥራውን የሚሠራው። ቁመቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ዐይኑን ጨፍኖም ጡንቻውን በሰዓቱ ማዘጋጀት ይችላል። ውስጣችን የሆነ ነገር ይቆጥራል። መቼ ተማርነው? የላይኛው ልጅ ምናልባት አሁን እየተማረው ይሆን? እንጃ። ዱብ ከማለት ወደ ጠ-ዱብ የሄደው ማንም ሳይነግረው ነው። ተረከዙን ስላመመው ይሆናል።

ለረጅሟ ልጅ ያደረግኩት ብዙ የሚያኮራ አይደለም። ዝቅ ካለ ሳጥን ላይ እየወረደች ድምፅ እንዳታሰማ ነገርኳት። ብቻ። ጉልበትሽን እንዲህ፣ ዳሌሽን እንዲህ ብዬ ስዘረዝር ግራ ትጋባ ነበር። ድምፅ አታሰሚ ስላት ግን ራሷ በእግሯ ፊት ነካች፣ ራሷ ዝቅ አለች፣ ደረቷም ወደ ፊት መጣ። ጆሮዋ አሰልጣኝ ሆነላት። ጉልበቷ ወደ ውስጥ መግባቱ ግን በዚህ ብቻ አልተስተካከለም። እሱ የዳሌ ጎን ጡንቻ ሥራ ይፈልጋል፤ በሁለት እግር ማረፍ መልመድም ይፈልጋል።

ሌላም ገደብ አለ። ሜዳ ላይ ሁልጊዜ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አይቻልም። ከብሎክ ወርዳ ወዲያው መልሳ የምትዘል ልጅ እንደዚያ ከተቀመጠች ኳሱ አልፏታል። ለስላሳ ማረፍ ጊዜ ያስከፍላል፣ ጡንቻም ያደክማል። ስለዚህ መካከለኛ ቦታ ትፈልጋለች። ያ ቦታ የት እንደሆነ የጨዋታው ፍጥነትና የልጅቷ ጭን ይነግሯታል፤ እኔ በፊሽካ አልነግራትም።

የኔ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የግራ ቁርጭምጭሚቴ ከድሮው ውልቃት በኋላ አልተፍታታም። በባዶ እግሬ ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ ተረከዜን ሳላነሳ ጉልበቴ ግድግዳውን እንዲነካ ሞከርኩ። የቀኝ እግሬ ጣት ከግድግዳው ወደ ግማሽ ስንዝር ርቆ ይደርሳል። የግራው ግን የዚያ ግማሽ ላይ ይቆማል። ቁርጭምጭሚት እንዲህ ሲገደብ ጉልበትም ያን ያህል አይታጠፍም፤ ሲታጠፍ ደግሞ ተረከዝ ይነሳል። ለዚህ ነው በግራ ስወርድ የምጮኸው፣ ወለሉ ማለቴ ነው፣ እኔም ግን ትንሽ እጮሃለሁ።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ባለፈው ቱሉ ዲምቱ ላይ ሚኒባሱ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሲያቆም፣ ከታች ኮረኮንች፣ ትንሽ ጭቃ፣ ቁመቱ የወንበሬን ያህል እንኳ አይደርስም፣ "ሹፌር፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ" አልኩ። ረዳቱ በሩን ይዞ አየኝ።

"ፋዘር፣ ይዝለሉ እንጂ!"

ፋዘር! ዕድሜዬን የምታውቁ ፍረዱ። እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ ያየው ጉልበቴን ነው ወይስ ፀጉሬን?