ዶላሩ ዜሮ፣ ብሩ 5,000፦ የውጭ አቅራቢ ሂሳብ ስዘጋ የተማርኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መያዝ እንደጀመርኩ ጽፌ ነበር። ዛሬ አንዲት ኢንቮይስ ከጅምሯ እስክትዘጋ ድረስ ምን እንዳሳየችኝ ላካፍላችሁ። ለስሌት እንዲመቸን ተመኖቹን አጠጋግቻቸዋለሁ።

የምሠራው ጥሬ ዕቃ ከቻይና የሚያስገባ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ኢንቮይሷ የ25,000 ዶላር ነበረች። 5,000 ዶላሩን በየካቲት 2016 ቀድመን ከፈልን፣ ያኔ ዶላር በ56 ብር ነበር። ቀሪው 20,000 በዱቤ ነው። ዕቃው መርከብ ላይ የተጫነው ግንቦት ላይ ነው፣ በ57 ብር። ውላችን ኤፍ ኦ ቢ ስለሆነ ዕቃው የእኛ የሚሆነው ወደብ ላይ ሲጫን ነው። ስለዚህ የምዝገባው ቀን ኢንቮይሱ ላይ የተጻፈው ቀን አይደለም፣ የማጓጓዣ ሰነዱ (ቢል ኦፍ ሌዲንግ) ላይ ያለው የጭነት ቀን ነው።

እኔ 25,000ውን በሙሉ በ57 አባዝቼ 1,425,000 ብር ስቶክ ብዬ መዘገብኩ። አቅራቢውንም በዚያው ልክ ክሬዲት አደረግኩ። የቅድሚያ ክፍያውን 280,000 ብር ከአቅራቢው ላይ ቀነስኩ። ልክ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሰኔ 30 መጣ። ያልተከፈለ የዶላር ዕዳ በመዝጊያው ቀን ተመን እንደገና ይተመናል። የቀኑ ተመን 58 ነበር፣ ስለዚህ በ20,000 ዶላሩ ላይ በዶላር 1 ብር፣ ማለትም 20,000 ብር ኪሳራ መዘገብኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዕዳ ስለሆነ የምንጠቀመው የባንኩን መሸጫ ተመን ነው። ዶላሩን ከባንክ የምንገዛው እኛ ነን፣ ባንኩ ደግሞ የሚሸጥልን በመሸጫው ነው። ስቶኩን ግን አንነካውም። ዕቃው በተመዘገበበት ብር ይቆያል፣ እንደገና የሚተመነው ገንዘብ ወይም በገንዘብ የሚከፈል ዕዳ ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ሁላችንም ደነገጥን። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የዓመቱን ሂሳብ ገና እያዘጋጀን ሳለ ጠሩኝና «ይኼ ኪሳራ ባለፈው ዓመት ሂሳብ ውስጥ ይግባ፣ ዘንድሮን አታበላሺብን» አሉኝ። ጥያቄያቸው ገብቶኛል፣ ግን አይቻልም። ሰኔ 30 ላይ ዶላር በ58 ነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ በዚያን ቀን ያልነበረ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ አይ ኤ ኤስ 10 ከመዝጊያ ቀን በኋላ የሚከሰት ያልተለመደ የምንዛሪ ለውጥን ቁጥሩን የማይለውጥ ክስተት ይለዋል። ቁጥሩ ባለበት ይቆያል፣ ማብራሪያው ውስጥ ግን ምን እንደተፈጠረና ዕዳችን ላይ ምን እንደሚያመጣ በግልጽ ይጻፋል። እንደዚያው አደረግን።

ክፍያው የተፈጸመው መስከረም 2017 ላይ ነው፣ በ112 ብር። ባንኩ ከሂሳባችን የቀነሰው 2,265,000 ብር ነው። እኔ ይኼን ጠቅላላ ቁጥር ይዤ ከዕዳው ላይ በመቀነስ የምንዛሪ ኪሳራውን ላወጣ ነበር። ደግነቱ የባንኩን ዴቢት አድቫይስ ቀድሜ አነበብኩት። 20,000 በ112 ሲባዛ 2,240,000 ነው። የቀረው 25,000 ኮሚሽንና የስዊፍት ክፍያ ነው፣ ወደ ባንክ አገልግሎት ወጪ ይሄዳል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ኪሳራው ምን ያህሉ ከተመን፣ ምን ያህሉ ከባንክ እንደመጣ መቼም አያውቅም።

ምዝገባው ይኼን መሰለ፦

```
ደቢት   አቅራቢ (20,000 ዶላር በ58)       1,160,000
ደቢት   የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ            1,080,000
ደቢት   የባንክ አገልግሎት ወጪ               25,000
ክሬዲት  ባንክ                          2,265,000
```

ኪሳራው 1,080,000 የሆነው 112 ከ58 ጋር ስለሚነጻጸር ነው፣ ከ57 ጋር አይደለም። የመጀመሪያዋ 1 ብር ልዩነት ባለፈው ዓመት ተመዝግባ አልፋለች። ሁለቱን ዓመት ብትደምሩት 1,100,000 ይመጣል፣ ከግንቦት እስከ ክፍያው ቀን ያለው አጠቃላይ ልዩነት እሱ ነው።

ሁሉም ያለቀ መስሎኝ የአቅራቢውን ሌጀር ከፈትኩ። 5,000 ብር ክሬዲት ተንጠልጥሏል። ሁለት ቀን ሙሉ ኤክሴሉን ፈተሽኩ፣ ማባዛቱ ሁሉ ልክ ነው። በመጨረሻ ለቢሮአችን አንጋፋ ሂሳብ ሠራተኛ ነገርኳቸው። ወንበር ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«የዶላሩ ዓምድ ስንት ይላል?»

«ዜሮ ነው ጋሼ።»

«ብሩስ?»

«5,000።»

«እንግዲህ ለአቅራቢው የምንከፍለው አንዲት ሳንቲም የለም ማለት ነው። ከክፍያው አትፈልጊው፣ ከምዝገባው ፈልጊ። ቅድሚያ የከፈልነውን በስንት ነው ያስገባሽው?»

ያኔ በራልኝ። ቅድሚያ ክፍያው 5,000 ዶላር በ56 ነው የተከፈለው። ብሩ ከእጃችን ወጥቷል፣ ከዚያ በኋላ ዶላር ቢወጣም ቢወርድም ለዚያ ክፍል የሚለወጥ ነገር የለም። እኛ አቅራቢው ዘንድ ያለን ዕቃ የመቀበል መብት ነው፣ ገንዘብ የመቀበል መብት አይደለም። ስለዚህ የዕቃው ዋጋ በሁለት ተመን ይሠራል፦ 5,000 በ56፣ 20,000 በ57። ድምሩ 1,420,000 ነው። እኔ ሁሉንም በ57 ስላባዛሁት 5,000 ብር የሌለ ዕዳና የሌለ ስቶክ ፈጠርኩ። ደንቡ አይ ኤፍ አር አይ ሲ 22 ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ እኔ ግን አይ ኤ ኤስ 21ን ብቻ አንብቤ ነበር።

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ አቅራቢውን በ5,000 ደቢት ማድረግ። ክሬዲቱ የሚሄደው ዕቃው የት እንዳለ ታይቶ ነው። መጋዘን ውስጥ ካለ ከስቶኩ ላይ ይቀነሳል። የእኛው ለምርት ውሎ ምርቱም ተሽጦ ስለነበር የሽያጭ ወጪው ላይ አስተካከልን።

የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር ይኼን 5,000 ብር «የምንዛሪ ልዩነት» ብሎ የመዝጋት ፈተና ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም በሁለተኛው ቀን ማታ ላይ እጄ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ግን የምንዛሪ ልዩነት የሚባለው ተመን ስለተለወጠ የመጣ ብቻ ነው። እንደዚያ ብዘጋው ኖሮ በሚቀጥለው ኢንቮይስ ቅድሚያው 5,000 ሳይሆን 50,000 ዶላር፣ የተመኑ ልዩነት ደግሞ 1 ብር ሳይሆን 50 ብር ሲሆን ስህተቱ 2,500,000 ይደርስ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ያለ ልዩነት በእውን አይተናል።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የ1,080,000ውን ኪሳራ የዕቃው ዋጋ ላይ ደምራው አየሁ። «ዕቃው እኮ በዚያ ዋጋ ነው የወጣብን» አለች። ስሜቷ ይገባኛል፣ አዲስ የመሸጫ ዋጋ ስታወጣ ማሰብ ያለባትም የሚቀጥለውን ዕቃ በስንት እንደምትተካው ነው። መዝገቡ ላይ ግን ዕቃው በግንቦቱ ተመን የተገዛ ነው፣ ከዚያ በኋላ የጨመረው በዱቤ በመቆየታችን የመጣ ነው። ጉምሩክ ቀረጥ ያሰላበት ተመንም እንዲሁ ለቀረጡ ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለውን ብር ከኢንቮይሱ ጋር ለማስታረቅ አትድከሙ።

አሁን በየወሩ መጨረሻ የእያንዳንዱን የውጭ አቅራቢ የብር ቀሪ ለዶላር ቀሪው አካፍላለሁ። ውጤቱ የቀኑን መሸጫ ተመን ካልሰጠኝ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። የእኔዋ ኢንቮይስ ግንቦት ላይ እንዲህ ብትፈተሽ 1,145,000 ለ20,000 ሲካፈል 57.25 ትሰጥ ነበር፣ ስህተቷም ያኔውኑ ትታይ ነበር። በሚቀጥለው የምጽፍላችሁ ዕዳው በከፊል በዩዋን፣ በከፊል በዶላር የሆነበትን ኢንቮይስ ነው፣ አሁን እሱ ላይ ነኝ።