አንድ፣ ሰባትና አራት፦ ከሁለት ገንዘብ ያዦች መዝገብ የወጣ ገጠመኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመምህራን የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የቆዩ የእጅ መዝገቦቹን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ሲወስን፣ ሥራው ለእኔና ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ተሰጠን። መዝገቦቹ ከ1996 እስከ 1999 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ የሚሸፍኑ ሁለት ትልልቅ ቅጾች ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ተመድቦ በገጹ ላይ ቀኑ፣ የደረሰኝ ቁጥሩ፣ ገቢው፣ ወጪውና ቀሪው በየዓምዱ ተጽፈዋል። የመጀመሪያውን ቅጽ የያዙት አንድ ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ እርሳቸው ሥራውን ሲለቁ፣ ከጥር 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛውን ቅጽ የከፈቱት ደግሞ ሌላ ሴት ገንዘብ ያዥ ናቸው።

ሥራውን የጀመርነው ከመጀመሪያው ቅጽ ስለነበር የአኃዞቹን አጣጣል የተማርኩት ከዚያ ነው። እኒያ ገንዘብ ያዥ አንድን ሲጽፉ ከአናቱ ወደ ግራ ረዘም ያለ ጭረት ያወርዱለታል፤ ሰባትን ግን ሁልጊዜ ወገቡ ላይ በአጭር ሰረዝ ያቋርጡታል። ስለዚህ ለባልደረባዬ አንድ ደንብ ነገርኳት፦ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያለው ሰባት ነው፣ ሰረዝ የሌለው አንድ ነው። ደንቡ ለመጀመሪያው ቅጽ ፍጹም ትክክል ነበር። የእኔ ጥፋት ሁለተኛውን ቅጽ ስንከፍት ሳልመረምር በዚያው ደንብ እንድንቀጥል ማድረጌ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬም ሌላ ውሳኔ ወስኜ ነበር፤ ቀሪውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ስለሚያሰላው እኛ ገቢና ወጪውን ብቻ እንድናስገባ፣ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን የቀሪ ዓምድ እንድንተወው። የሁለተኛው ውሳኔ ጉዳት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምክንያቱም ስህተቱን ሊመሰክርብን የሚችለውን ዓምድ በገዛ እጄ ከሥራው አስወጥቼዋለሁ።

ጨርሰን የአባላቱን ቁጠባ ስንደምር፣ ድምሩ በጠቅላላ መዝገቡ ላይ ካለው የቁጠባ ሒሳብ በ1,800 ብር አነሰ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ልዩነቱን ለዘጠኝ አካፍለው ያለ ቀሪ መካፈሉን ሲያዩ፣ የሒሳብ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት በማስታወስ «አኃዝ አገላብጣችሁ ጽፋችኋል፤ 3,100 የነበረውን 1,300 እንደማለት ያለ ነገር ፈልጉ» አሉን። ሁለት ቀን ፈለግን፣ ምንም አላገኘንም። ለዘጠኝ መካፈል የተገለበጠ አኃዝን ብቻ የሚያመለክት እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አንድና ሰባት ሲምታቱ በመቶ ቤት ላይ የሚፈጥሩት ልዩነት 600 ብር ነው፤ አንድና አራት ወይም አራትና ሰባት ሲምታቱ ደግሞ 300 ብር ነው። ሦስት ጊዜ 600 ግን 1,800 ስለሚሆን፣ ሦስት ተመሳሳይ የንባብ ስህተቶች ተደምረው የተገላበጠ አኃዝ መስለው ይታያሉ። ለዘጠኝ መካፈሉ ትክክለኛ ፍንጭ የሚሆነው ስህተቱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው።

ጉዳዩ የተፈታው በሌላ በኩል ነው። አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡና ከኮምፒዩተሩ የወጣላቸው ቀሪ እንዳነሰባቸው ነገሩን። «ልጄ፣ በየካቲት ያስገባሁት ሰባት መቶ ብር ነው፤ እናንተ መቶ ብር ነው የምትሉኝ» አሉኝ። ደብተራቸውን ገልጬ አየሁ። የተጻፈው በሁለተኛዋ ገንዘብ ያዥ እጅ ነው፤ ቅርጹም መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ከአናቱ ጭረት አለው፣ ወገቡ ላይ ሰረዝ የለውም። ደብተሩ የመዝገቡ ግልባጭ ስለሆነ ጥርጣሬውንም አብሮ ገልብጦታል። «እትዬ፣ ደረሰኙን ከፋይል እስካወጣ ይታገሱኝ» ብዬ የዚያን ወር የደረሰኝ ጥራዝ ፈለግሁ። በጥራዙ ውስጥ በቀረው ኮፒ ላይ በፊደል የተጻፈው «ሰባት መቶ ብር ብቻ» ይላል። የደረሰኙ ቁጥር እኛ ስናስገባው 311 ያልነው ነበር።

ይህ የደረሰኝ ቁጥር ነገሩን ሁሉ ከፈተልኝ። ያስገባነውን ዝርዝር በደረሰኝ ቁጥር ቅደም ተከተል ስደረድረው 311 ሁለት ጊዜ ይገኛል፣ 317 ደግሞ ጨርሶ የለም። ደረሰኝ በተራ የሚቆረጥ ነገር ስለሆነ ከ316 ቀጥሎና ከ318 በፊት ያለው ቁጥር ምን እንደሚሆን ማንም ሳይከራከር ያውቀዋል፤ ስለዚህም የገንዘብ ያዥዋ ሰባት ምን እንደሚመስል ያለ ግምት ማወቅ ቻልኩ። ከ310 እስከ 312 ያሉትን ሳይ ደግሞ የገንዘብ ያዥዋን አንድ ጭረት የሌለው ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኖ አገኘሁት። ማለትም ጭረት ያለውና ሰረዝ የሌለው ያው ቅርጽ በመጀመሪያው ቅጽ አንድ፣ በሁለተኛው ቅጽ ሰባት ነው። አብዛኛው ገቢ ከደመወዝ የሚቆረጥ 50፣ 100 ወይም 150 ብር ስለነበር ሰባት በገንዘቡ ዓምድ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ስህተቱ ሦስት ረድፎች ላይ ብቻ የታየውም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ እጅ አንድ የናሙና ገጽ አዘጋጀን። ናሙናዎቹን የወሰድነው ትርጉማቸው ከማያጠራጥር ቦታ ብቻ ነው፤ ከዓመተ ምሕረቱ የመጀመሪያ አኃዝ፣ ከታተመ ቁጥር ጋር ከተያያዙ የደረሰኝ ተራዎችና በፊደል ከተደገፉ ገንዘቦች። ሁለተኛዋ ገንዘብ ያዥ እዚያው ከተማ ይኖሩ ስለነበር ጠርተን ቁጥሮችን በወረቀት ላይ አስጽፈናቸው ነበር። ተቀምጠው በእርጋታ የጻፉት ሰባት ግን በወር መጨረሻ ሰልፍ ፊት ከጻፉት ጋር አይመሳሰልም፤ ስለዚህ ያን ወረቀት ለማስረጃነት አልተጠቀምንበትም።

የተውኩትን የቀሪ ዓምድም መልሰን አስገባነው። በገጹ ላይ ገቢው C፣ ወጪው D፣ የተጻፈው ቀሪ E ዓምድ ላይ ሆኖ፣ ከጎኑ የሚከተለውን ስሌት አስቀመጥን፦

```
=E6+C7-D7-E7
```

ረድፉ ከተስማማ ውጤቱ ዜሮ ነው። የመምህርቷን ገጽ እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ የቀደመው ቀሪ 4,050 ነው፤ ገቢው 100 ወይም 700 ነው፤ ቀጥሎ የተጻፈው ቀሪ ደግሞ 4,150 ወይም 4,750 ነው። እዚህ ላይ አጠራጣሪው አኃዝ ሌላ አጠራጣሪ አኃዝ ወልዷል። ሁለቱንም አንድ ብለን ብናነባቸው ረድፉ ይስማማል፤ ሁለቱንም ሰባት ብንልም ይስማማል። ፍርዱ የሚገኘው ከታች ካለው ረድፍ ነው፦ 300 ብር ገብቶ ቀሪው በግልጽ 5,050 ተብሎ ተጽፏል። 4,750 ላይ 300 ሲደመር 5,050 ይሆናል፤ 4,150 ላይ ሲደመር ግን 4,450 ነው፤ አምስትና ዜሮ ደግሞ ከሌላ አኃዝ ጋር አልተምታቱም። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ብሎ ያስገባ ሰው የ600 ልዩነቱን የሚያየው ከተሳሳተበት ረድፍ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፣ ፍለጋውም ወደ ላይ መሄድ አለበት። ገቢውን በትክክል አንብቦ ቀሪውን ብቻ ከተሳሳተ ደግሞ በዚያው ረድፍ 600፣ በሚቀጥለው ከዜሮ በታች 600 ያገኛል፤ እንዲህ ተከታትለው የሚጣፉ ሁለት ልዩነቶች ሲታዩ ጥፋቱ በመካከላቸው ያለው ቀሪ ላይ ነው።

አራት ያስቸገረን በመጀመሪያው ቅጽ ነው። የእኒያ ገንዘብ ያዥ አራት አናቱ ክፍት ስለሆነ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ቦታ ላይ ሰረዝ ካለው ሰባት ጋር ይምታታል። በገንዘብ ዓምድ ላይ ስሌቱ 300 ወይም 30 እያለ ይጠቁመን ነበር። በቀን ዓምድ ላይ ግን ስሌት ስለሌለ የቀን መቁጠሪያው ረዳን። አንዱ ረድፍ ጳጉሜን 4 ወይም 7 ይላል፤ ጳጉሜን አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ቀን ስላላት ሰባት ሊሆን አይችልም። የወሩ ቁጥር በሁለት አኃዝ ሲጻፍም ከ13 ስለማይበልጥ፣ 11፣ 14 ወይም 17 የሚመስል ወር ሐምሌ ብቻ ነው።

በጣም የተጠነቀቅሁት «ይህ አባል ዘወትር የሚያስገባው ይህን ያህል ነው» ከሚለው ግምት ነው። ከሦስቱ የተሳሳቱ ረድፎች አንዱ ላይ አባሉ በየወሩ 150 ብር ሲያስገባ ቆይቶ አንድ ወር 750 አስገብቷል፤ ልማዱን ብቻ ያየ ሰው ያለ ምንም ጥርጣሬ 150 ብሎ ያልፈዋል፣ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ልማድ ስሌትም፣ የደረሰኝ ተራም፣ የእጅ ናሙናም በሌለበት ቦታ ወዴት እንደምንፈልግ ሊጠቁመን ይችላል፤ አኃዙን ግን አይወስንም።

ስሌቱም ቢሆን ወሰን አለው። በአንድ አባል ገጽ ላይ የመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ቀሪው 2,160 ነው፤ ከእርሱ በላይ ያለው 2,010 ላይ 150 ተደምሮ የመጣ ስለሆነ አያጠያይቅም። ሁለተኛዋ ገንዘብ ያዥ ግን ያን ጭረት ያለው አንድ በራሳቸው እጅ ልማድ ሰባት አድርገው አንብበው፣ አዲሱን ቅጽ «ከቅጽ አንድ የዞረ 2,760» ብለው ከፍተዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በ2,760 ላይ በትክክል የተሰላ ስለሆነ ውስጡን ብቻ ላየ ሰው ምንም እንከን የለበትም። የተጻፈ ቀሪ የሚመሰክረው ጸሐፊው ምን ብሎ እንዳነበበ ነው፤ ስለዚህ ገጽ ወይም ቅጽ በሚዞርበት ቦታ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ግድ ነው። ይህን ልዩነት እኛ አላረምነውም፤ ሁለቱን ገጾች ፎቶ አንስተን ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቀረብን፣ ኮሚቴውም አባሉን ጠርቶ ካስረዳ በኋላ በማስተካከያ ሰነድ ፈርሞ 600 ብሩ ከቀሪው እንዲቀነስ አደረገ።

በመዝገቡ ላይ በእስክሪብቶ አንድም አኃዝ አላደመቅንም። አጠራጣሪ የነበሩትን ሁሉ በአንድ የተለየ ዓምድ ውስጥ ሊሆኑ ከሚችሉት ንባቦችና ከተወሰነበት ምክንያት ጋር አስቀመጥናቸው። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ እስከ መጨረሻ ድረስ አልተወሰነም። ከመጋቢት 9 በኋላና ከመጋቢት 20 በፊት የተጻፈ አንድ ቀን ነው፤ ደረሰኙን እርጥበት አበላሽቶታል፣ አኃዙም ከላዩ ላይ በፈሰሰ ቀለም ተሸፍኗል፣ 11ም 14ም 17ም በቅደም ተከተሉ ውስጥ ይገባሉ። ማኅበሩ ወለድ የሚያስበው በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ላይ ስለሆነና ገንዘቡም የገባው ከወሩ መጀመሪያ በኋላ ስለሆነ፣ ከሦስቱ የትኛውም ቀን ቢሆን የአባሉ ገንዘብ አይለወጥም፤ በዓምዱ ላይ «11፣ 14 ወይም 17፤ ያልተወሰነ» ተብሎ እንደተጻፈ ይገኛል።