«ፈቃደኛ አለመሆን»ን ወደ ኋላ አስቀምጡት፦ ከጅማ ሆኜ ለምስለ ችሎት ካዘጋጀሁት ቡድን የተማርኩት

ጅማ ውስጥ ጠበቃ ነኝ። የሕግ ተማሪዎችን ለምስለ ችሎት ውድድር አዘጋጅ ተብዬ ተጠይቄ እሺ አልኩ። ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ ሄርማታ ያለችው ቢሮዬ ይመጡ ነበር። ስንጨርስ ይመሻል። ቡናችንን ጠጥተን እንለያያለን። ይህን የምጽፈው ያኔ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር ስላለ ነው። በሚቀጥለው ውድድር ለሚቀርቡ ልጆችና አሰልጣኞቻቸው ይጠቅም ይሆናል።

ጥያቄው ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ላይ ነበር። በ2007 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፍርድ ቤቱ በሱዳኗ ዳርፉር ተፈጸሙ በተባሉ ወንጀሎች በሁለት ሱዳናውያን ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። አንዱ አህመድ ሃሩን ነው። ወንጀሉ ተፈጸመ በተባለበት ጊዜ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ነበር። ሌላው አሊ ኩሻይብ የሚባለው የጃንጃዊድ ሚሊሻ መሪ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ሱዳን ጉዳዩ በሄግ መታየት የለበትም የሚል መደበኛ መቃወሚያ አላቀረበችም። የውድድሩ አዘጋጆች ግን «አቅርባ ቢሆንስ?» ብለው ጠየቁ። ክርክሩ ዛሬ ባለው ሕግ እንዲሆን ፈቀዱ። እኛ የዐቃቤ ሕግን ወገን ያዝን።

ንባቡ አላስቸገረንም። ፍርድ ቤቱ የተቋቋመበትን የሮም ስምምነት አንቀጽ 17፣ 19 እና 20 ማንበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ጽሑፉን መተየብ፣ ገጽ መቁጠር፣ መላክ፣ ይህ ሁሉ በሰላም አለቀ። የተበላሸው አንድ ነገር ነው። እሱም የክርክሩ ቅደም ተከተል ነው።

አዘጋጆቹ የላኩት መመሪያ «አገሪቱ ፈቃደኛ አለመሆኗን በማስረዳት ጀምሩ» ይላል። ከዚያ «አለመቻሏን አስከትሉ» ይላል። ተጠርጣሪውን በእውነት ለመመርመርና ለመክሰስ ማለት ነው። ሲያዩት ትክክል ይመስላል። አንቀጽ 17 ላይ ሁለቱ ቃላት ተከታትለው ስላሉ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። የሄግ ዳኞች ግን እንደዚያ አይሄዱም።

መርሁ የማሟያነት መርህ ይባላል። የሄጉ ፍርድ ቤት የአገር ፍርድ ቤቶችን ተክቶ አይሠራም። እነሱ ያልሠሩትን ይሠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አገሪቱ ምን አደረገች?» የሚል ነው። ይህን ሰው፣ በዚህ ድርጊት፣ እየመረመረችው ወይም እየከሰሰችው ነው? ምንም ካላደረገች ጉዳዩ በሄግ ተቀባይነት አለው። ፈቃደኛ ነች አይደለችም የሚለው ክርክር ውስጥ ጨርሶ አይገባም። ይህን ይግባኝ ሰሚው ችሎት በ2009 በኮንጎው የሚሊሻ መሪ በካታንጋ ጉዳይ በግልጽ ወስኗል።

በ2011 ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ይህን በራሷ ጉዳይ አየችው። ከምርጫው በኋላ ለተፈጠረው ግጭት በሄግ የተጠሩ ሰዎች ነበሯት። አዲስ ሕገ መንግሥት አጽድቀናል፣ ዳኝነቱንና ፖሊሱን እያሻሻልን ነው፣ ምርመራውም ይቀጥላል ብላ ተከራከረች። ዳኞቹ የጠየቁት ዛሬ በእነዚህ ሰዎች ላይ የተወሰደው የምርመራ እርምጃ የቱ ነው የሚል ነበር። የተስፋ ቃል አልበቃም። ምስክር ጠርተሽ ከሆነ ቃሉን አሳዪ፣ ቦታው ድረስ ሄደሽ ከሆነ መዝገቡን አምጪ ነው ነገሩ። የማስረዳት ሸክሙም በመቃወሚያ አቅራቢዋ አገር ላይ ነው።

ኩሻይብን በዚህ መንገድ ሠራነው። ሱዳን በ2006 መጨረሻ ይዤዋለሁ፣ እየመረመርኩትም ነው ብላ ነበር። ታዲያ ሰውየው አንድ ከሆነ ክርክራችን አላለቀም? አላለቀም። ድርጊቱስ? የሄጉ ማዘዣ በ2003 እና 2004 በምዕራብ ዳርፉር በኮዱም፣ በቢንዲሲ፣ በሙክጃርና በአራዋላ ተፈጸሙ በተባሉ ግድያዎች፣ አስገድዶ መድፈርና ማፈናቀሎች ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ለዳኞቹ ያስረዳው የሱዳን ምርመራ ተመሳሳዩን ክስተትና ድርጊት እንደማይሸፍን ነበር። ዳኞቹም ማዘዣውን ሲሰጡ ይህን ተቀበሉ። ስለዚህ ለኩሻይብ የጻፍነው ክፍል አጭር ነው። ሰንጠረዥ ሠራን። በአንድ በኩል ማዘዣው ላይ ያለውን ቦታ፣ ጊዜና ድርጊት ጻፍን። በሌላ በኩል ሱዳን መረመርኩ ያለችውን። የማይገጥመው በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሱዳን የወንጀል ሕግ ያኔ «በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል» የሚል ድንጋጌ አልነበረውም የሚለውን ክርክር አታንሱ። ዳኞቹ የሚያዩት ድርጊቱን እንጂ የክሱን ስም አይደለም። አንድ አገር ያንኑ ግድያ በተራ ግድያ ስም ብትከስም ይበቃታል።

ሃሩን ግን ሌላ ነው። እዚህ ነው ፈቃደኛ አለመሆን በትክክል የሚነሳው። የሱዳን ባለሥልጣናት ሃሩንን ጠይቀነዋል፣ ማስረጃ አላገኘንበትም ብለው ነበር። አንቀጽ 17 ለዚህ የራሱ መስመር አለው። አገሪቱ መርምራ ላለመክሰስ ከወሰነች ጉዳዩ በሄግ ተቀባይነት አይኖረውም። ውሳኔው ከፈቃደኝነት ማጣት ወይም ከአለመቻል የመነጨ ከሆነ ግን ተቀባይነት አለው። እኛም ክርክራችንን በሁለት ደረጃ አቀረብን። መጀመሪያ፣ መዝገብ ያልቀረበበት «መርምረናል» ምርመራ አይደለም አልን። ዳኞቹ ምርመራ ነበር ካሉ ደግሞ በአማራጭ፣ ያ ምርመራ ሰውየውን ከተጠያቂነት ለመሸፈን የተደረገ ነው አልን።

ሽፋን እንዴት ይረጋገጣል? የአንድን መንግሥት ልብ ማንም ከፍቶ አያይም። የሚታየው ዙሪያው ነው። እኛ ሦስት ነገር አቀረብን።

የመጀመሪያው ጊዜው ነው። የሄጉ ዐቃቤ ሕግ የዳርፉርን ምርመራ መክፈቱን ያስታወቀው ሰኔ 6 ቀን 2005 ነው። ሱዳን ለዳርፉር ልዩ የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመችው በማግስቱ፣ ሰኔ 7 ነው። ወንጀሎቹ ከተፈጸሙ ዓመት አልፏቸዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ያልታሰበ ችሎት በማግስቱ ተወለደ።

ሁለተኛው የቀረቡት ሰዎችና ክሶች ናቸው። በዚያ ልዩ ችሎት ፊት ከቀረቡት ጉዳዮች መካከል ዝርፊያ፣ የተሰረቀ ንብረት መቀበልና ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ይገኙበታል። ተከሳሾቹም ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ናቸው። መንደሮች ሲቃጠሉ ትዕዛዝ ሰጡ የተባሉት እዚያ አልቀረቡም።

ሦስተኛውና ልጆቹ በጣም የወደዱት የሰውየው ሥልጣን ነው። ማዘዣው ሲወጣ ሃሩን የሰብዓዊ ጉዳዮች ሚኒስትር ዴኤታ ነበር። ከቀዬአቸው የተፈናቀሉትን ሰዎች የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ከዚያ ወንበር አልተነሳም። በ2009 ደግሞ የደቡብ ኮርዶፋን ገዥ ሆኖ ተሾመ። ከልጆቹ አንዷ ይህን ስታነብ፣ «ቲቸር፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?» አለች። እኔም ብቻውን አይበቃም፣ ከጊዜውና ከክሶቹ ጋር ሲቆም ግን ይከብዳል አልኳት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ውድድሩ ቀን የመጀመሪያዋ ተከራካሪያችን ቆመች። ስለ ኩሻይብ ስትጀምር ሰብሳቢው ዳኛ አቋረጧት። «ተከራካሪ፣ ሱዳን ፈቃደኛ አልነበረችም ብለሽ ጀምሪ እንጂ!» አሏት። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቀድሞ መልስ የሚፈልገው ምርመራ አለ ወይ የሚለው ነው» አለች። የካታንጋን ውሳኔ ጠቀሰች። አልሰሟትም። የነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ «ፈቃደኛ አለመሆንን በቅድሚያ አንስቷል» የሚል ሳጥን ነበር። እዚያ ሳጥን ላይ ዜሮ ተሰጣት።

ይህም አልበቃ። ዳኞቹ ለምን ስለ ፍትሐዊ ዳኝነት አልተናገራችሁም አሉ። ተከሳሽ ጠበቃ ካላገኘ አገሪቱ ፈቃደኛ አይደለችም ማለት ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። መመሪያውም ይህንኑ ይላል። ስህተት ነው። በሊቢያ የስለላ ሹም በነበረው በአል ሰኑሲ ጉዳይ ይህ ተነስቶ ነበር። ሰውየው በምርመራው ጊዜ ጠበቃ አላገኘም። ሆኖም የሄጉ ይግባኝ ሰሚ ችሎት በ2014 ጉዳዩ በሊቢያ ይታይ አለ። ፈቃደኛ አለመሆን በዋናነት ተጠርጣሪው ከፍትሕ እንዲያመልጥ ማድረግን ይመለከታል፤ ፍርድ ቤቱ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አይደለም ብሎ ነው። ጥሰቱ እጅግ ከባድ ሆኖ ሂደቱን ፍትሕ የሚባል ነገር ካሳጣው ብቻ ጠባብ በር ትቷል። አል ሰኑሲ በ2015 ትሪፖሊ ላይ ሞት ተፈረደበት።

ይህን ውሳኔ ልጆቹ ሲያነቡ ደንግጠው ነበር። «እንግዲያው አገሩ ያለ ጠበቃ ሊገድለው ቢፈልግ ሄግ ዝም ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። በግሌ ዳኞቹ በሩን ከሚገባው በላይ አጥብበውታል ብዬ አምናለሁ። ይህን ግን ለችሎቱ እንደ ሕግ አድርጋችሁ አታቅርቡ። ሕጉ ምን እንደሆነ ተናገሩ፣ ከዚያ ለምን መለወጥ እንዳለበት ተከራከሩ። የእኔ ልጆች እንዲህ ነው ያደረጉት። ዳኛ ሲቆጣቸውም አልሸሹም። በዚህ ዛሬም እኮራባቸዋለሁ።

ቅሬታ ጻፍን። የካታንጋን፣ የኬንያንና የአል ሰኑሲን ውሳኔዎች አባሪ አድርገን። የመጣልን መልስ አንድ መስመር ነው፦ የዳኞች ውጤት የመጨረሻ ነው። ስለ ሕጉ አንዲት ቃል የለበትም። ሕግ እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች ሕግ ተጠቅሶ ሲጠየቁ እንዲህ ሲመልሱ ያሳዝነኛል። ልጆቹ ወደ ቀጣዩ ዙር አላለፉም።

ለምትቀጥሉት የምለው፣ መመሪያው ምንም ቢል ጽሑፋችሁን በሄግ ቅደም ተከተል ጻፉ። ለነጥብ ሳጥኑ ሲባል ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ «ስለ ፈቃደኛ አለመሆን በአማራጭ በሦስተኛው ክፍል እንከራከራለን» በሉ። አለመቻልንም ለሱዳን አትድከሙበት። እሱ የፍርድ ሥርዓቱ ሲፈርስ ወይም ሳይገኝ ሲቀር ነው። የካርቱም ፍርድ ቤቶች ይሠሩ ነበር።

ኩሻይብ በ2020 ራሱ እጁን ሰጥቶ ሄግ ደረሰ። በ2025 ጥፋተኛ ተባለ። ሃሩን ግን እስካሁን አልተላለፈም። የአልበሽር መንግሥት ከወደቀ በኋላ ታስሮ ነበር፤ በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ከኮበር እስር ቤት ወጣ። ለአዲሱ ቡድኔ የሰጠሁት የእሱን ጉዳይ ነው፤ ከ2019 በኋላ የመጣው የሱዳን መንግሥት «አሁን እኔ ልክሰሰው» ቢል ምን እንደሚመልሱ እየጻፉ ነው።