ሰማዩ ላይ የማይታየው ዝናብ

በጥር ወር የክረምት ትዕይንት ሠርተህ አምጣ የተባለ ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ቢያነብ እኔን ካበሸቀኝ ነገር ይድናል። ሥራው አጭር ማስታወቂያ ነበር። ከቸርችል ጎዳና ወደ ላይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከሩቅ እየታየ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር የተጠለለች ተማሪ ቀረጽን። የፈቃዱ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከቀረጻው የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ እሱን ልለፈው። ጠዋት ፀሐይ ከሕንጻዎቹ በላይ ሳትወጣ ጨረስን፤ መሬቱ ላይ ደማቅ ጥላ ከወደቀ የትኛውም ዝናብ አያሳምንም። የእግረኛውን መንገድ በባልዲ አራስነው።

ችግሩ የመጣው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፦ በጥቁር መደብ የተቀረጸ ዝናብ ከላይ ደርብ፣ `Screen` ብለህ ጨርስ። እንዳሉት አድርጌ አየሁት፤ ልጅቷ ከዝናብ ይልቅ ከተቧጨረ መስታወት ጀርባ የቆመች ትመስላለች። ምክንያቱን ያገኘሁት በመለካት ነው። በረንዳው ከካሜራው 12 ሜትር ይርቃል። ሌንሱ 35 ሚሊሜትር፣ ካሜራውም ፉል ፍሬም ስለነበር የሚታየው ስፋት ከርቀቱ ጋር ይቀራረባል፤ የምስሉ ስፋት 1920 ፒክስል ስለሆነ እዚያ ርቀት ላይ 1 ሜትር 160 ፒክስል ያህል ነው። የተደረበው ዝናብ መስመሮች ወደ 100 ፒክስል ይረዝማሉ። በበረንዳው ዘንድ ቢሆኑ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚረዝሙ በትሮች ናቸው ማለት ነው።

እውነተኛው ልክ ይኸውና። 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠብታ በሰከንድ 6.5 ሜትር ገደማ ይወርዳል። (በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ትንሽ ይፈጥናል፤ ልዩነቱን ግን ዓይን አይለየውም።) ሻተሩ ለ1/50 ሰከንድ ሲከፈት ጠብታው 13 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ የመስመሩ ርዝመት ያ ነው። ከካሜራው 2 ሜትር ላይ ሲሆን 125 ፒክስል፣ 10 ሜትር ላይ 25፣ 40 ሜትር ላይ 6 ፒክስል ይሆናል። ስለዚህ በሦስት ሌየር ከፋፈልኩት። ቅርቡ ጥቂት ረጃጅም መስመሮች ብቻ አሉት፤ ሩቁ እጅግ ብዙ፣ አጫጭርና ቀርፋፋ ናቸው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሆን መስመሩ በአንድ ፍሬም ውስጥ ከሚጓዘው መንገድ ግማሹን መሸፈን አለበት፤ ይህ ካልተጠበቀ ዝናቡ ይንቀጠቀጣል።

ሁለቱ የፊት ሌየሮች ከልጅቷ ፊት ያልፋሉ። የ40 ሜትሩ ግን በረንዳውና ልጅቷ በማስክ ሊቆርጡት ግድ ነው፤ አለበለዚያ ጣሪያው ሥር ይዘንባል። ከዚያ ወዲያ ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ መስመር መሳል ከንቱ ድካም ነው። ጠብታዎቹ ከፒክስል እጅግ ያነሱ ስለሆኑ የሚታየው ጉም ብቻ ነው፤ የሕንጻውን ጥቁር ክፍሎች ወደ ሰማዩ ግራጫ ማቅረብ ይበቃል።

ብርሃኑ ላይ አብዛኛው ሰው ይስታል። ጠብታው እንደ ጥቃቅን ሌንስ የሰማዩን ብርሃን ስለሚሰበስብ ከጨለማ ነገር ፊት ነጣ ብሎ ይታያል። ነገር ግን 2 ሚሊሜትሩ ብርሃን በ13 ሴንቲሜትር ላይ ስለሚዘረጋ፣ መስመሩ ከጠብታው ብርሃን ከ65 አንድ እጅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የቀረው ከጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ለዚህ ነው መስመሮቹን በቀጥታ የማልስለው። ነጥቦች እበትንና በ`Directional Blur` እስባቸዋለሁ፤ ሲረዝሙ በራሳቸው ይደበዝዛሉ። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ በረንዳው ውስጥ ባለው ጨለማ ፊት ዝናቡ ጥርት ብሎ ይታያል፣ በግራጫው ግድግዳ ላይ ይሳሳል፣ ሰማዩ ላይ ይጠፋል። ከሠራኋቸው ሁሉ በዚህ እኮራለሁ።

አሠሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ተመልክተው፣ «ወንድሜ፣ የከፈልነው ለዝናብ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድም ጠብታ አላየሁም» አሉኝ። የሰማዩ ጠብታ የሰማዩን ብርሃን ስለሚይዝ ከጀርባው እንደማይለይ አስረዳኋቸው። «እርስዎ በክረምት ቀና ብለው ሲያዩ መስመር ያያሉ?» ብል፣ «እኔ የማየው ሥራህን ነው» አሉና በሰማዩ ላይ ነጭ መስመሮች እንድጨምር አዘዙ። ጨመርኩ፤ ማስታወቂያው የተላለፈው እንዲያ ሆኖ ነው። አሁንም ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲህ ውል ከመፈረሜ በፊት፣ በሐምሌ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቀረጽኩትን እውነተኛ ዝናብ ለደንበኛው አሳያለሁ። እሱንም አይቶ ዝናቡ የታለ የሚለኝ ሰው ካለ፣ የሰማዩ መስመሮች ለብቻቸው ይከፈልባቸዋል።